ሰው ከፍቶ እንዳይወጣ፦ ለአንድ የጅማ ቡና ቪዲዮ ተምኔልና ርዕስ የሠራሁበት መንገድ

አጎቴ ማና ወረዳ ቡና አለው። በለቀማ ወቅት እሱ ጋ ሄጄ ስለ ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ ስለሚደርቅ ቡና፣ አደራረቅ የ9 ደቂቃ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ቀረጻው ጥሩ ነበር። ያበላሸሁት ጅማ ተመልሼ ተምኔሉን፣ ማለትም ቪዲዮው ከመከፈቱ በፊት የሚታየውን ሥዕል፣ ስሠራ ነው። አፌን ከፍቼ የደነገጥኩበትን ፎቶ ለጠፍኩ። ጎኑ ላይ የብር ክምር፣ ከላይ ቀይ ቀስት። ርዕሱን ደግሞ «ጉድ ነው! የጅማ ቡና ሚስጥር ወጣ» አልኩት።

ሰው ገባ። ከለመድኩት በላይ ገባ። የዩቲዩብ ስቱዲዮ ከፍቼ ስንት ሰው እስከ የትኛው ሰከንድ እንደቆየ የሚያሳየውን የተመልካች ኩርባ ሳይ ግን እንደ ገደል ወርዷል። 30ኛው ሰከንድ ላይ ከገቡት ከግማሽ በላይ ወጥተዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ቪዲዮው ለአዲስ ሰው መቅረቡ ቆመ ማለት ይቻላል። በሳምንቱ አጎቴ ደወለ። «አንተ ልጅ፣ ሚስጥር ሚስጥር እያልክ ሜጋዬን ጨረስክብኝ። ሚስጥሩ የቱ ጋ ነው?»

እሱ ራሱ ያለበት ቪዲዮ ነው። ያስተማረውም እሱ ነው። ተምኔሉ ሌላ ነገር ቃል ስለገባ ግን የራሱን ትምህርት እያየ ሚስጥሩን ይጠብቅ ነበር። የተናገረው ነገር ከኩርባው በላይ አሳመመኝ። እኛ አገር ሰው ቪዲዮ የሚያየው ጥቅል ገዝቶ ነው። ስናታልለው ጊዜውን ብቻ አይደለም የምንወስደው።

ከዚያ በኋላ ያንኑ ቪዲዮ ተምኔልና ርዕስ እንደገና ሠራሁት። የሠራሁበትን ቅደም ተከተል እንዳለ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ዩቲዩብ ከ2012 ጀምሮ ቪዲዮ የሚያቀርበው ስንት ሰው ነካው በሚለው ብቻ አይደለም። ስንት ደቂቃ ታየ የሚለውን ይመዝናል። በኋላም ተመልካቹ ረክቷል ወይ የሚለውን ጨመረበት። ስለዚህ ተምኔል ብቻውን አያሸንፍም።

በቀላል ምሳሌ እንየው። አንድ ተምኔል ለ10,000 ጊዜ ታየ እንበል። የሚያታልለው ተምኔል 8 በመቶ ክሊክ አመጣ። 800 ሰው ገባ ማለት ነው። እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል አይቶ ከወጣ ጠቅላላው 1,200 ደቂቃ ነው። እውነተኛው ተምኔል ደግሞ 5 በመቶ ብቻ አመጣ። 500 ሰው ገባ። እነሱ ግን በአማካይ 4 ደቂቃ ቆዩ። 2,000 ደቂቃ ሆነ። ክሊኩ ያነሰው ቪዲዮ በሰዓቱ በለጠ።

ዩቲዩብ ራሱ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሾቹ የክሊክ መጠናቸው ከ2 እስከ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ 4 በመቶ አይታችሁ አትደንግጡ። ቪዲዮው ከሰብስክራይበሮቻችሁ አልፎ ወደማያውቋችሁ ሰዎች ሲሄድ ቁጥሩ መውረዱም የተለመደ ነው። የመጀመሪያው ቀን 9 በመቶ ሳምንት ላይ 5 ቢሆን ተምኔሉ ተበላሸ ማለት አይደለም።

አንደኛ፦ የቃሉን ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ፎቶሾፕም ካንቫም ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ይህን ቪዲዮ ያየ ሰው እንዲህ ያያል፣ እንዲህ ያውቃል» የሚል። የእኔ ይህ ነበር፦ «መሬት ላይ የተሰጣ ጀንፈል ለምን እንደሻገተ፣ አልጋ ላይ የተሰጣው ለምን እንደዳነ ጎን ለጎን ያያል።» አልጋ የምንለው ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራውን የቡና ማስጫ ነው።

ቀጥሎ ይህን ዓረፍተ ነገር የሚያረጋግጠውን ቦታ ቪዲዮው ውስጥ ፈልጉና ደቂቃውን አጠገቡ ጻፉ። የእኔ 4ኛው ደቂቃ ላይ ነው። አጎቴ በአንድ ቀን የተለቀሙ ሁለት ፍሬዎችን መዳፉ ላይ አድርጎ ይሰብራቸዋል። መሬት ላይ ተሰጥቶ ዝናብ ያገኘው ውስጡ ነጭ ሻጋታ ይዟል። የአልጋው ንጹህ ነው። ማስረጃው ይህ ነው።

ደቂቃ ልትጽፉለት ያልቻላችሁት ነገር ተምኔል ላይ አይውጣ። «ሚስጥር ወጣ» ለሚለው ደቂቃ ብፈልግ አላገኝም ነበር። የብር ክምሩም እንዲሁ። ቪዲዮው ውስጥ ስለ ዋጋ አንድም ቃል የለም። ይህችን አንዲት ፈተና ያኔ ባደርግ ኖሮ የመጀመሪያው ተምኔል አይወጣም ነበር።

እዚህ ላይ ልኩንም ተጠንቀቁ። «አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ፈጽሞ አይሻግትም» ብል ደስ የሚል ርዕስ ይሆናል፤ ግን ውሸት ነው። አልጋ ላይም ቢሆን አወፍረው ካሰጡት፣ ካላገላበጡት፣ ማታ በሸራ ካልሸፈኑት ይሻግታል። አጎቴም ቪዲዮው ላይ ይህንኑ ይላል። ርዕሱ ከባለሙያው በላይ መናገር የለበትም።

ሁለተኛ፦ ርዕሱ

አሥር ርዕስ እጽፋለሁ፣ ከዚያ እሰርዛለሁ። ሦስቱን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው «ስለ ጀንፈል ቡና አደራረቅ ማወቅ ያለብዎት ነገሮች» ነበር። እውነት ነው፤ ግን የሚጎትት ነገር የለውም። ተመልካቹ ምን እንደሚያገኝ አይነግረውም። ሁለተኛው «ይህን ሳያዩ ቡና እንዳያሰጡ!» የሚል ነው። ይህ ያስፈራራል። ዕድሜ ልኩን ቡና ሲያሰጣ የኖረን ሰው እንዲህ ማለት ድፍረትም ነው። ሦስተኛውን ያዝኩ፦ «ጀንፈል ቡና ለምን ይሻግታል? መሬትና አልጋ ላይ አስጥተን አየነው»።

ልዩነቱን ልብ በሉ። «ሚስጥር ወጣ» የሚለው ጉዳዩን ራሱን ይደብቃል። ስለ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ነው የምትገቡት። ሦስተኛው ጉዳዩን በግልጽ ይናገራል፤ የሚያስቀረው መልሱን ብቻ ነው። ጉጉት መፍጠርና ማታለል የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። መልስ ማቆየት ይቻላል። ጉዳይ መደበቅ ግን የማይፈልገውን ሰው ያስገባና የሚፈልገውን ያሳልፋል። ቡናው የሻገተበት ገበሬ «ጉድ ነው» የሚለውን አይቶ ስለ እሱ እንደሆነ በምን ያውቃል?

ዩቲዩብ ለርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቅዳል፤ ስልክ ላይ ግን ረዥም ርዕስ መሀል ላይ ይቆረጣል። የእኔ ከነክፍተቱ 41 ነው። ዋናው ቃል መጀመሪያ ላይ ይሁን። «ጀንፈል ቡና» መጨረሻ ላይ ቢሆን ሊቆረጥ ይችላል። የቻናሉን ስም፣ «ክፍል 3» የሚለውን፣ ቀኑን ከፊት አታስቀምጡ።

የአማርኛ አጻጻፍም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ «ጅማ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ጂማ»። ርዕሱ ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈውን አንዱን ያዙ፤ ሌላውን መግለጫው ውስጥ በዓረፍተ ነገር አስገቡት። ሁለቱንም ርዕስ ላይ መደርደር ያስቀይማል።

ሦስተኛ፦ ፎቶው

አብዛኞቻችን ተምኔል የምንሠራው ቪዲዮውን አቁመን ከስክሪኑ ላይ በመቁረጥ ነው። ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ እጁም እየተንቀሳቀሰ ስለነበር መስመሩ ይጠፋል። ለተምኔል የሚሆነውን ፎቶ ቀረጻው ቦታ ላይ ሳላችሁ ለብቻው አንሱት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ስላላነሳሁ ለአንድ ፎቶ ብዬ ማና ድረስ ተመለስኩ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ደረስኩ። ፀሐይዋ ገና በጎን ነበረች። ቀትር ላይ ብርሃኑ ከላይ ስለሚመታ መዳፉ ነጭ፣ ፍሬው ጥቁር ነጥብ ይሆናል። በጎን ሲመጣ ግን ሻጋታው እንደ ጥጥ ብቅ ብሎ ይታያል። አጎቴን ሁለቱን መዳፎቹን ጎን ለጎን እንዲዘረጋ ጠየቅኩት። ግራው ላይ የመሬቱ፣ ቀኙ ላይ የአልጋው፣ ሁለቱም ተሰብረው። መጀመሪያ እፍኝ ሙሉ ይዞ ነበር። ስልኩ ላይ ሳየው ክምር ብቻ ነው። ወደ ሦስት ሦስት ፍሬ ስናወርደው ልዩነቱ ወጣ። ከዚያ ስልኩን አስጠግቼ መዳፎቹ ፍሬሙን እስኪሞሉት አነሳሁ። ከኋላ የአልጋው ጥላ ብቻ ቀረ።

ፊት ይኑር ወይስ አይኑር ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ቪዲዮው የሰው ታሪክ ከሆነ ይኑር። የእኔ ግን ስለ ፍሬው ነው፤ ስለዚህ እጅ በቂ ነው። የአጎቴ መዳፍ የቡና ሰው መዳፍ መሆኑ ያስታውቃል። የእኔ የደነገጠ ፊት ይህን አይነግርም።

ማስተካከል ላይ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ማድረግና ዙሪያውን መቁረጥ ችግር የለውም። ሻጋታውን አረንጓዴ ቀለም መቀባት ግን ሌላ ነገር ነው። የሌላ አገር የቡና እርሻ ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ መለጠፍም እንዲሁ። ዩቲዩብ ቪዲዮው ውስጥ የሌለን ነገር እንዳለ አድርጎ የሚያሳይ ተምኔል በደንቡ ይከለክላል፤ ቪዲዮውን ሊያነሳ ይችላል።

መጠኑ 1280 በ720 ፒክስል ይሁን። ከ2 ሜጋባይት ካላለፈ በጄፔግም በፒኤንጂም ያለ ችግር ይጫናል። የራሳችሁን ተምኔል ለመጫን ቻናሉ በስልክ ቁጥር የተረጋገጠ መሆን አለበት።

አራተኛ፦ ፎቶው ላይ የሚጻፈው

እዚህ ላይ የኛ ፊደል ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ተምኔሌ ላይ «የቡና ጉድ» ብዬ በወፍራም ጥቁር ጠርዝ ጽፌ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ያምራል። ስልክ ላይ ሲያንስ ግን ጠርዙ የ«ቡ»ን ቅጥያ ዋጠውና «በና» ሆነ። «ጉ»ም «ገ» መሰለ። በላቲን ፊደል ትንሽ ነገር ቢጠፋ ቃሉ ይነበባል። በእኛ ግን ቡን ከቢ፣ ከባ የሚለየው ያች ትንሽ ጭረት ናት። እሷ ከጠፋች ቃሉ ጠፋ።

ስለዚህ ጠርዙን ቀጭን አድርጉት ወይም ጭራሽ ተዉት። በምትኩ ከጽሑፉ ኋላ ጠቆር ያለ ሳጥን አስቀምጡ። ፎንቱ ቅርጹ ቀጥ ያለና ደማቅ ይሁን። እኔ የምጠቀመው Noto Sans Ethiopic የሚባለውን ነው፤ በነፃ ይወርዳል፣ Black የሚባል በጣም ወፍራም ዓይነትም አለው። የብራና መልክ ያላቸው ፎንቶች ለሠርግ ጥሪ ያምራሉ፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ግን አይነበቡም።

ከሦስት ቃል አትለፉ። ርዕሱን አትድገሙ። ርዕሱ ከሥር ተጽፏል፤ ሁለቴ ማንበብ ምንም አይጨምርም። እኔ መጀመሪያ ግራና ቀኝ «መሬት» እና «አልጋ» ብዬ ጻፍኩ። ርዕሱ ላይ ያለውን መልሼ መናገር ሆነ። አጠፋሁትና «18ኛ ቀን» የሚል ብቻ አደረግኩ። ሁለቱም ፍሬዎች እኩል 18 ቀን ተሰጥተው እንደነበር ርዕሱ አይናገርም። ፎቶው ልዩነቱን ያሳያል፣ ጽሑፉ ውድድሩ እኩል እንደነበር ይናገራል፣ ርዕሱ ጥያቄውን ይጠይቃል። ሦስቱ ሦስት ሥራ ያዙ።

የቀኝ የታችኛውን ጥግ ባዶ ተዉት። ዩቲዩብ የቪዲዮውን ርዝመት እዚያ ላይ ይለጥፋል። እኔ ጽሑፉን በግራ በኩል ከላይ አደረግኩት።

ሲያልቅ ፈተና አለው። ፎቶውን ወደ ስልክ ላኩት፤ የአውራ ጣት ጥፍር ሁለት እስኪያክል አሳንሱት። ውጭ ፀሐይ ላይ ውጡ። ከዚያ ቪዲዮውን ለማያውቅ ሰው ለሁለት ሰከንድ አሳዩና ስልኩን ገልብጡት። እኔ እህቴን ነው የማስቸግረው። «አምሯል?» ብዬ አልጠይቃትም። «ስለ ምንድን ነው? ብትከፍቺው ምን ታያለሽ?» እላታለሁ። የመጀመሪያውን አይታ «ገንዘብ ስለማግኘት» አለችኝ። ሁለተኛውን አይታ «ቡና ተበላሽቶ… አንዱ ደህና ነው፣ ለምን እንደሆነ» አለች። ወረቀት ላይ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ነው የነገረችኝ።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች

ተመልካቹ ሲገባ በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ትክክለኛው ቦታ ገብቻለሁ? ተምኔሉ ላይ ያየውን ነገር ወዲያው ካላየ ይወጣል። የእኔ ቪዲዮ በሎጎ ይጀምር ነበር። ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ «ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች»፣ ከዚያ ላይክና ሰብስክራይብ። 40 ሰከንድ! ቡና አንድም ጊዜ አይታይም።

የተጫነ ቪዲዮ በሌላ መተካት አይቻልም። ስቱዲዮ ውስጥ Editor በሚለው ገብቶ መቁረጥ ግን ይቻላል፤ ሊንኩም የታየበት ቁጥርም አይጠፋም። እነዚያን 40 ሰከንዶች ቆርጬ ጣልኳቸው። ደግነቱ ቀጥሎ አጎቴ ወደ አልጋዎቹ እየሄደ ነበር። የ4ኛውን ደቂቃ መዳፍ ወደ ፊት ማምጣት ግን አልቻልኩም፤ መሣሪያው ይቆርጣል እንጂ አያዘዋውርም።

አሁን ስቀርጽ መክፈቻውን ቀድሜ አስባለሁ። የመጀመሪያው ምስል ተምኔሉ ላይ ያለው ራሱ ነው፣ ያው እጅ፣ ያው ፍሬ። እስከ አሥረኛው ሰከንድ «ሁለቱም የአንድ ቀን ለቀማ ናቸው፣ አንዱ ሻግቷል» የሚል ድምፅ ይገባል። ከዚያ ምን ምን እንደምናይ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ። ሰላምታው ከዚያ በኋላ በአጭሩ ይመጣል።

«መልሱን መጀመሪያ ካሳየሁ ሰው ለምን ይቆያል?» የሚል ፍርሃት አለ። ያሳያችሁት ውጤቱን ነው፤ ምክንያቱ ገና ነው። ያንንም ቢሆን እስከ መጨረሻው አታፍኑት። በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ ስጡ፦ ፍሬው ምን ያህል ሳስቶ እንደሚሰጣ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚገላበጥ፣ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ሸራው መቼ እንደሚለብስ።

ስድስተኛ፦ ከጫናችሁ በኋላ ምን ታያላችሁ

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አትነካኩት። ጥቂት መቶ ጊዜ ብቻ የታየ ተምኔል ቁጥሩ ይዋዥቃል። ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁና Analytics ውስጥ ሁለት ነገር ጎን ለጎን እዩ፦ የክሊክ መጠኑንና 30ኛው ሰከንድ ላይ ስንት በመቶ ሰው እንደቀረ።

ክሊኩ ጥሩ ሆኖ 30ኛው ሰከንድ ላይ ገደል ካለ፣ ቃሉና መክፈቻው አልተገናኙም። የእኔ በሽታ ይህ ነበር። ክሊኩ አነስተኛ ሆኖ የገባው ሰው ከቆየ፣ ቪዲዮው ደህና ነው፤ የሚቀየረው ተምኔሉ ወይም ርዕሱ ነው። መጀመሪያ አንዱን ብቻ ቀይሩ። ሁለቱን በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የሠራው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ሁለቱም ደካማ ከሆኑ ጉዳዩ ራሱ ለዚያ ተመልካች የሚሆን ላይሆን ይችላል።

ከየት እንደመጡም ለዩ። በፍለጋ «ቡና ሻገተ» ብሎ የመጣ ሰው ቀድሞም ፈልጎታል፤ ክሊኩ ከፍ ይላል። መነሻ ገጽ ላይ ድንገት ያየው ሰው ግን ሌላ አሥር ነገር እየጠራው ነው። ሁለቱን በአንድ አማካይ ማየት ያሳስታል።

ስቱዲዮ Test & compare የሚባል መሣሪያም አለው። በኮምፒውተር ነው የሚሠራው፤ ቻናሉም የላቁ አገልግሎቶች የተከፈቱለት መሆን አለበት። እስከ ሦስት ተምኔል ትጭናላችሁ፤ ለተለያየ ሰው እያሳየ ያወዳድራል። የምወድለት ነገር አሸናፊውን የሚመርጠው በክሊክ ሳይሆን ባስገኘው የእይታ ሰዓት መሆኑ ነው። ፈተናው እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ቻናላችሁ ትንሽ ከሆነ ያለ አሸናፊ ሊያልቅም ይችላል። ስትፈትኑ የሚለያዩ ሐሳቦችን አስገቡ። የጽሑፍ ቀለም ብቻ የተለየባቸው ሁለት ተምኔሎች ምንም አያስተምሯችሁም።

የአጎቴ ቪዲዮ ከለውጡ በኋላ ክሊኩ ከመጀመሪያው ያነሰ ነው። የሚገቡት ግን ይቆያሉ፤ ኩርባውም ገደል ሳይሆን ተዳፋት ሆኗል። 7ኛው ደቂቃ አካባቢ ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር አየሁ። ኩርባው ወደ ላይ ጉብ ይላል፤ ሰው እየመለሰ ያየዋል ማለት ነው። ከፍቼ ሳየው አጎቴ አንድ ጀንፈል ጆሮው አጠገብ ይዞ ሲነቀንቅ ነው። ፍሬው ልጣጩ ውስጥ ከተንኳኳ ደርቋል። እኔ እንደ ቀላል ነገር አሳልፌው ነበር። የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለዚያ ድምፅ ብቻ ነው፤ የተምኔሉን ፎቶም ዛሬ ጠዋት አንስቼዋለሁ። አንድ ጆሮ፣ ሁለት ጣት፣ አንድ ደረቅ ፍሬ።